ሰባተኛው ቪዲዮ ለምን አይጫንም?

ስድስት ቪዲዮዎች ያለ ምንም እክል ወደ ዩቲዩብ ይወጣሉ። ሰባተኛው ላይ ፕሮግራሙ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስክሪኑ ላይ 403 የሚል ቁጥርና `quotaExceeded` የሚል ቃል ይመጣል። ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ፋይሉ ጤነኛ ነው፣ ኮዱም ከአምስት ደቂቃ በፊት ሲሠራ የነበረው ራሱ ነው። የቪዲዮ ጭነትን ለፕሮግራም አሳልፈው የሰጡ ብዙ ሰዎች ለዓመታት የተያዙት እዚህች ቦታ ላይ ነው። አብዛኞቹም ጥፋቱን ኮዱ ውስጥ ሲፈልጉ ይውላሉ። ጥፋቱ ያለው ግን ሂሳቡ ላይ ነው፤ ሂሳቡን ለሚያውቅ ሰው ደግሞ መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም።

ከመነሻው እንጀምር። አንድ ሰው ቪዲዮ ሲጭን የዩቲዩብን ገጽ ከፍቶ፣ ፋይሉን መርጦ፣ ርዕስና መግለጫ ጽፎ፣ ቁልፉን ይጫናል። ይህንኑ ሥራ ሰው ሳይነካው ፕሮግራም እንዲሠራው ዩቲዩብ ኤፒአይ የሚባል መንገድ ከፍቷል። ኤፒአይ ማለት የአንድ ድርጅት ሲስተም ከውጭ ፕሮግራም ትእዛዝ የሚቀበልበት፣ ደንቡ በጽሑፍ የተቀመጠ አሠራር ነው። ቪዲዮ የሚጭነው ትእዛዝ `videos.insert` ይባላል። ፕሮግራሙ ፋይሉን፣ ርዕሱን፣ መግለጫውንና የሚታይበትን ሰዓት አንድ ላይ አድርጎ ይልካል፤ ዩቲዩብም ተቀብሎ የቪዲዮውን መለያ ቁጥር ይመልሳል።

ይህ አገልግሎት ገንዘብ አይጠየቅበትም፤ ነገር ግን ተለክቶ የሚሰጥ ነው። ጉግል ላይ ለተመዘገበ እያንዳንዱ ፕሮጀክት ሳይጠየቅ የሚሰጠው ኮታ በቀን 10,000 ነጥብ ነው። እያንዳንዱ ትእዛዝ የየራሱ ዋጋ አለው። የአንድን ቪዲዮ መረጃ ማንበብ 1 ነጥብ ብቻ ይወስዳል። ተምኔይል የሚባለውን የሽፋን ምስል መለጠፍ 50፣ ቪዲዮውን ፕሌይሊስት ውስጥ ማስገባትም 50 ነው። ቪዲዮ መጫን ግን ለዓመታት 1,600 ነጥብ ሲያስከፍል ቆይቷል። 10,000ን ለ1,600 ብናካፍል ስድስት ይደርስና 400 ይተርፋል፤ ሰባተኛው ቪዲዮ ሲቀር የቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ጉግል የዋጋ ሰንጠረዡን አልፎ አልፎ ስለሚከልስ ሥራ ከመጀመር በፊት ወቅታዊውን ሰንጠረዥ ማየት ግድ ነው። እኔ እዚህ የማሰላው በከባዱ ዋጋ ነው፤ ዋጋው ሲቀንስ በቀን የሚገባው ቪዲዮ ይበዛል እንጂ የአሠራሩ መርህ አይለወጥም። ኮድ የሚጽፍ ሰውም 1,600 የሚለውን ቁጥር በየቦታው ከመበተን አንድ ቦታ ላይ፣ በቀላሉ በሚቀየር መልኩ ቢያስቀምጠው ይጠቀማል።

ኮታው እንደ ሞባይል ዕለታዊ ጥቅል ነው፤ ያልተጠቀሙበት ለነገ አይተላለፍም። የሚታደሰው ደግሞ በእኛ እኩለ ሌሊት ሳይሆን በካሊፎርኒያ እኩለ ሌሊት ነው። ኢትዮጵያ ላይ ሆኖ ለሚሠራ ሰው ይህ ማለት ኮታው የሚታደሰው ረፋድ ላይ ነው። አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደፊት በሚገፉበት ወቅት፣ ማለትም ከመጋቢት መግቢያ ገደማ እስከ ጥቅምት መጨረሻ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ይሆናል፤ በቀሪው ጊዜ ደግሞ ከረፋዱ 5 ሰዓት። ማታ ኮታው ያለቀበት ሰው እኩለ ሌሊት ጠብቆ ቢሞክር ያው 403 ነው የሚመጣበት። ፕሮግራሙ ውስጥም «አሥር ሰዓት ጨምር» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ `America/Los_Angeles` የሚለውን የሰዓት ክልል መጠቀም ያዋጣል፤ ያኔ የሰዓቱን ለውጥ ኮምፒውተሩ ራሱ ይከታተለዋል።

አሁን አንድ ሥራ ይዘን ሂሳቡን እናውርደው። አዲስ አበባ ላይ ለ5ኛ ክፍል ተማሪዎች የሂሳብ ትምህርት የሚያዘጋጅ ትንሽ ቡድን አለ እንበል። 24 ትምህርቶች ተቀርጸውና ተቀናብረው አልቀዋል። እያንዳንዱ ፋይል 1.2 ጊጋባይት ነው። ፍላጎታቸው በየቀኑ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ አንድ ትምህርት እንዲወጣ፣ ሁሉም ተምኔይል እንዲኖረው፣ ሁሉም በአንድ ፕሌይሊስት በተርታ እንዲሰለፍ ነው።

የአንዱ ቪዲዮ ሙሉ ወጪ 1,600 ሲደመር 50 ሲደመር 50፣ በድምሩ 1,700 ነጥብ ይሆናል። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ቪዲዮ ከነተምኔይሉና ከነፕሌይሊስቱ ጨርሶ ወደሚቀጥለው የሚሄድ ከሆነ በቀን አምስት ብቻ ያወጣል። ከአምስቱ በኋላ 8,500 ወጪ ሆኗል፤ የተረፈው 1,500 ለስድስተኛው አይበቃም። በየቀኑ 1,500 ነጥብ ያለ ሥራ ይቃጠላል ማለት ነው። ቅደም ተከተሉ ቢቀየር ግን ስድስት ቪዲዮ ይገባል፦ መጀመሪያ ስድስቱም ይጫናሉ፤ ይህ 9,600 ይወስዳል። በተረፈው 400 የሦስቱ ተምኔይልና ፕሌይሊስት ይሠራል፤ ያ 300 ነው። ቀሪው 100 ለማጣሪያ ጥያቄዎች ይቀመጣል። በዚህ አካሄድ 24ቱም ፋይሎች በአራት ቀን ውስጥ ዩቲዩብ ላይ ይቀመጣሉ፤ የቀሩት 12 ተምኔይሎችና የፕሌይሊስት ሥራዎች በአምስተኛው ቀን በ1,200 ነጥብ ያልቃሉ።

ተመልካቹ ከዚህ ሁሉ ምንም አያይም፤ ምክንያቱም የመጫኛ ቀንና የማሳያ ቀን የተለያዩ ናቸው። ዩቲዩብ `publishAt` የሚባል ቦታ ሰጥቷል። ቪዲዮው ሲላክ ሁኔታው `private` ተደርጎ የሚወጣበት ቀንና ሰዓት ይጻፋል፤ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይፋ ይሆናል። ሰዓቱ የሚጻፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ ከምሽቱ 1 ሰዓት እንዲወጣ የተፈለገ ትምህርት እንዲህ ይታዘዛል፦

```json
"status": {
  "privacyStatus": "private",
  "publishAt": "2026-03-02T16:00:00Z",
  "selfDeclaredMadeForKids": true
}
```

መጨረሻ ላይ ያለችው `Z` ሰዓቱ ከግሪንዊች መሆኑን ትናገራለች፤ የእኛ ሦስት ሰዓት ይቀድማል። በኮታ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን መለያየት ቢጠቀምበት እወዳለሁ። የዛሬውን ቪዲዮ ዛሬ ለመጫን የሚሮጥ ሰው ነው ኮታ የሚያስጨንቀው፤ ሳምንት ቀድሞ የጫነ ሰው ግን አንድ ቀን ቢስተጓጎል እንኳ ፕሮግራሙ አይዛባበትም።

ሆኖም ከኮታው በፊት የሚመጣና ብዙ ሰው ከረፈደ የሚያውቀው አንድ ጉዳይ አለ። ከሐምሌ 21 ቀን 2012 ዓ.ም. በኋላ የተከፈተና በዩቲዩብ ያልተመረመረ ፕሮጀክት የሚጭናቸው ቪዲዮዎች በሙሉ ተቆልፈው ግል ብቻ ይሆናሉ። ትእዛዙ በሰላም ይፈጸማል፣ መለያ ቁጥርም ይመጣል፣ ስህተት የሚባል ነገር አይታይም። የሚወጣበት ሰዓት ሲደርስ ግን ቪዲዮው አይወጣም። የቻናሉ ባለቤት ዩቲዩብ ስቱዲዮ ገብቶ ይፋ ላድርገው ቢልም አይቻለውም፤ ያንኑ ፋይል በእጁ ወይም በተመረመረ ፕሮጀክት እንደገና መጫን ይኖርበታል። ስለዚህ 24ቱን ከመላክ በፊት አንድ አጭር የሙከራ ቪዲዮ መላክና ከግል ወደ ይፋ መቀየር መቻሉን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። መቀየር ካልቻለ ሌላው ሁሉ ይቆይ፤ የሚቀድመው ምርመራው ነው።

የይለፍ ፈቃዱም የራሱ ወጥመድ አለው። ፕሮግራሙ በቻናሉ ስም እንዲሠራ ባለቤቱ አንድ ጊዜ በብራውዘር ገብቶ ይፈቅዳል፤ ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ በተሰጠው ቶክን እየታደሰ ይቀጥላል። ነገር ግን ፕሮጀክቱ በጉግል ገጽ ላይ «ሙከራ ላይ» በሚል ደረጃ ከተቀመጠ ቶክኑ በ7 ቀን ይሞታል። ምልክቱ `invalid_grant` የሚል መልስ ነው። ሳምንት ሙሉ በደንብ ሲሠራ ቆይቶ በስምንተኛው ቀን ድንገት የሚቆም ፕሮግራም ካለ በመጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ነው። ሌሎች የጉግል አገልግሎቶች ላይ የለመዱትን የሰርቪስ አካውንት እዚህ ለመጠቀም የሚሞክሩም አሉ፤ ለቪዲዮ ጭነት አይሠራም፤ የቻናሉ ባለቤት ራሱ መፍቀድ አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው የፋይሉ ጉዞ ነው። 1.2 ጊጋባይት በሴኮንድ 5 ሜጋቢት በሚልክ መስመር 32 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ስድስቱ ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳሉ። በዚህ መሃል መብራት ሊሄድ ወይም መስመሩ ሊቋረጥ ይችላል፤ ይህን ለእኛ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ፋይሉ በአንድ ትንፋሽ ከተላከና 90 በመቶ ላይ ከተቋረጠ እንደ አዲስ መጀመር የግድ ነው፤ አዲስ መጀመር ደግሞ ሌላ 1,600 ነጥብ ማለት ነው። በአንድ መጥፎ ቀን ስድስት ቪዲዮ የሚያስገባው ኮታ ለሁለትና ለሦስት ብቻ ይበቃል።

ለዚህ ዩቲዩብ ካቆመበት የሚቀጥል የጭነት ዘዴ አዘጋጅቷል። ፕሮግራሙ መጀመሪያ የቪዲዮውን መረጃ ብቻ ይልካል፤ ዩቲዩብም ለዚያ ፋይል ብቻ የሚያገለግል አድራሻ ይሰጠዋል። ፋይሉ ወደዚያ አድራሻ ቁርጥራጭ እየሆነ ይላካል፤ የእያንዳንዱ ቁራጭ መጠን የ256 ኪሎባይት ብዜት መሆን አለበት። መስመሩ ከተቋረጠ ፕሮግራሙ ያንኑ አድራሻ «እስከ የት ደርሶሃል?» ብሎ ይጠይቃል። 308 የሚል መልስና የደረሰው የባይት ቁጥር ሲመጣ ከዚያ ይቀጥላል። በፓይተን ቋንቋ የጉግልን ላይብረሪ ለሚጠቀም ሰው ሥራው ይህን ያህል ነው፦

```python
media = MediaFileUpload("07.mp4", resumable=True,
                        chunksize=8*1024*1024)
req = youtube.videos().insert(part="snippet,status",
                              body=body, media_body=media)
resp = None
while resp is None:
    status, resp = req.next_chunk(num_retries=5)
```

ይህ ኮድ የመስመር መቆራረጥን ይችላል፤ የመብራት መሄድን ግን አይችልም፤ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አድራሻውም ከማስታወሻው ይጠፋል። አድራሻው እንደተሰጠ ወዲያው ዲስክ ላይ መጻፍ አለበት። ለዘለዓለም እንደማይኖርም መታወቅ አለበት፤ ከቆየ በኋላ 404 ከመለሰ ጊዜው አልፏልና ጭነቱ ከአዲስ ይጀመራል።

እዚህ ላይ ነው የሒሳብ መዝገቡ የሚመጣው። በእኔ እምነት ከኮዱ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። መዝገቡ ትልቅ ዳታቤዝ መሆን የለበትም፤ ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ መስመር ያለው ሠንጠረዥ ይበቃል። የፋይሉ ስም፣ ያለበት ደረጃ፣ የጭነት አድራሻው፣ ሲያልቅ የሚሰጠው የቪዲዮ መለያና በዚያ ቀን የወጣው ነጥብ ይመዘገቡበታል። ደረጃው «ይጠብቃል» ከሚለው ተነስቶ «ተጀምሯል»፣ «ተጭኗል»፣ «ተምኔይል አለው»፣ «ፕሌይሊስት ገብቷል» እያለ ይሄዳል። ፕሮግራሙ ማንኛውንም ትእዛዝ ከመላኩ በፊት ዛሬ የወጣውን ደምሮ የሚቀጥለው ትእዛዝ ከ10,000 ያሳልፈው እንደሆነ ያያል። የሚያሳልፈው ከሆነ 403 እስኪመጣ ሳይጠብቅ በራሱ ይቆማል፤ ረፋድ ላይ ኮታው ሲታደስ መዝገቡን ከፍቶ ካቆመበት ይቀጥላል።

መዝገቡ ከሌለ የሚደርሰው ጉዳት መንታ ቪዲዮ ነው። ፋይሉ ሙሉ በሙሉ ደርሶ፣ የመለያ ቁጥሩ መልስ መንገድ ላይ እያለ መስመሩ ሊቋረጥ ይችላል። ፕሮግራሙ «አልተሳካም» ብሎ ያስባል፤ ያንኑ ትምህርት ደግሞ ይልካል፤ ሌላ 1,600 ነጥብ ይሄዳል። ስለዚህ መዝገቡ ላይ «ተጀምሯል» ብሎ የቀረ መስመር ከታየ እንደገና ከመላክ በፊት ቻናሉን ማየት ያስፈልጋል። ይህንንም በርካሽ ማየት ይቻላል። የፍለጋው ትእዛዝ `search.list` በኮታው ሰንጠረዥ 100 ነጥብ ሲያስወጣ ቆይቷል፤ እያንዳንዱ ቻናል ግን የጫናቸውን ሁሉ የሚይዝ የራሱ ፕሌይሊስት አለው። እሱን በ`playlistItems.list` ማንበብ በአንድ ነጥብ እስከ 50 ቪዲዮ ያሳያል። አንዱ ጥያቄ ከሌላው መቶ እጥፍ ይረክሳል፤ መልሱም ይበልጥ የሚታመን ነው።

የስህተት መልሶችን ለይቶ ማንበብም የግድ ነው፤ ሁሉንም «እንደገና ሞክር» በሚል አንድ መመሪያ የሚያልፍ ፕሮግራም ኮታውን ራሱ ይጨርሰዋል። 500 እና 503 የዩቲዩብ ሰርቨር ጊዜያዊ ችግር ናቸው፤ አንድ ሴኮንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እያሉ እየጠበቁ መሞከር ተገቢ ነው። `quotaExceeded` ከመጣ ግን መሞከር ፋይዳ የለውም፤ እስከ ረፋድ መቆም ብቻ ነው። ከዚህ ጋር የሚምታታው `uploadLimitExceeded` ነው፤ እሱ የፕሮጀክቱ ሳይሆን የቻናሉ ገደብ ነው። ዩቲዩብ አንድ ቻናል በ24 ሰዓት የሚጭነውን ቪዲዮ ይገድባል፤ የፕሮጀክቱ ኮታ ቢጨመርም ይህን አያነሳውም።

በአማርኛ ለሚጽፍ ደግሞ ለብቻው የሚታወቅ አንድ ገደብ አለ። ርዕሱ እስከ 100 ፊደል ይፈቀዳል፤ መግለጫው ግን የሚለካው በፊደል ሳይሆን በባይት ነው፤ ጣሪያው 5,000 ባይት ነው። አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። በእንግሊዝኛ 5,000 ፊደል የሚያስጽፈው ቦታ በአማርኛ የሚይዘው ወደ 1,660 ፊደል ብቻ ነው። መግለጫውን በፊደል ብዛት ለክቶ የላከ ፕሮግራም `invalidDescription` የሚል መልስ ይመጣበታል፤ ተቀባይነት ያጣ ጥያቄም ቢሆን ቢያንስ 1 ነጥብ ይቆረጥበታል። ከመላክ በፊት `len(text.encode("utf-8"))` ብሎ መለካት ይህን ያስቀራል።

ኮታው ካልበቃስ? አንዳንዶች ሁለተኛና ሦስተኛ ፕሮጀክት ከፍተው ቪዲዮዎቹን ያከፋፍላሉ። የዩቲዩብ የገንቢዎች ደንብ ይህን በግልጽ ይከለክላል፤ የሚያስከትለውም የአገልግሎቱ መዘጋት ሊሆን ስለሚችል ለማንም አልመክረውም። ሕጋዊው መንገድ `YouTube API Services - Audit and Quota Extension Form` የሚባለውን ቅጽ መሙላት ነው። ቅጹ ፕሮግራሙ ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚጠቀምበት፣ የሰዎችን መረጃ እንዴት እንደሚይዝና ምን ያህል ነጥብ ለምን እንደሚፈለግ ይጠይቃል። «ብዙ ቪዲዮ አለን» ከሚል ደብዳቤ ይልቅ «በቀን 12 ቪዲዮ፣ እያንዳንዱ 1,700 ነጥብ፣ በድምሩ 20,400» የሚል ስሌት ጥያቄውን ግልጽ ያደርገዋል፤ መዝገቡን የያዘ ሰው ደግሞ ይህ ስሌት በእጁ አለ።

የ24ቱን ትምህርት ቡድን በተመለከተ የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ ሥራው በዚህ የሚያበቃ ከሆነ ፕሮግራም አይጻፍለት። በዩቲዩብ ስቱዲዮ በእጅ የሚጫን ቪዲዮ የኤፒአይ ኮታ አይነካም፤ የሚወጣበትን ሰዓትም እዚያው መወሰን ይቻላል፤ አንድ ሰው በሁለት ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል። በየሳምንቱ አዳዲስ ትምህርቶች የሚወጡና ዓመቱን ሙሉ የሚቀጥል ከሆነ ግን ኤፒአዩ ዋጋ አለው። ለዚያ ያሰባችሁ ካላችሁ ኮዱን ከመጀመራችሁ በፊት የምርመራውን ቅጽ ሙሉ፤ መልሱ እስኪመጣ ድረስ ፕሮጀክታችሁ የሚጭነው ማንኛውም ቪዲዮ ለተመልካች አይታይም።